አምስት ሥራ፣ አራት ክፍተት፦ ከአጣዬ የመጣች አንዲት እናት ሲቪ እንዴት እንደተደራጀ

በኅዳር 2017 አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ የእህታቸውን ልጅ አስከትለው ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤቴ ገቡ። ልጅ ይበሏት እንጂ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ እሷም የልጅ እናት ናት። በእጇ በላስቲክ ማኅደር የተቀመጠ ባለ ሁለት ገጽ ሲቪ ይዛለች። "አንተ ሰው ስትቀጥር አይደል የኖርከው? ወረቀቷ ምን እንደጎደለው ንገራት። ሦስት ቦታ አስገብታ አንዱም አልጠራት" አሉኝ እትዬ። እውነት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 17 ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜም ያሳለፍኩት የአመልካቾችን ወረቀት እየመረጥኩ ነው። ስሟንም የሠራችባቸውን ቦታዎች ስምም አልጽፍም። ቀኖቹንና የሥራ ዓይነቶቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እነሱ ላይ ነውና።

ሲቪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እያቀረብኩት ነው። ከላይ "የሥራ ዓላማ" የሚል አንድ አንቀጽ አለ። ከዚያ አምስት የክህሎት ርዕሶች ይከተላሉ፦ አመራር፣ መግባባት፣ ኮምፒውተር፣ የገንዘብ አያያዝ፣ የዕቃ አስተዳደር። በእያንዳንዱ ሥር አራት አራት መስመር አለ፤ "በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል"፣ "ለዝርዝር ጉዳይ ትኩረት የሚሰጥ" ዓይነት። የሥራ ልምዱ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከቋንቋ ችሎታው በታች፣ በአራት መስመር ተጨምቋል።

ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ 2004–2006
ዱቄት ፋብሪካ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ 2015–2017
የእርዳታ ድርጅት፣ መዝጋቢ፣ 2022
ሆቴል፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ 2015–2016

ይህ አቀራረብ ክህሎትን ያስቀደመ የሚባለው ነው። በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ሲጽፍላት "አንቺ ሥራሽ የተቆራረጠ ስለሆነ ቀኑ እንዳይታይ ታች እናድርገው" ብሏታል። ምክሩ ከራሱ የመነጨ አይደለም፤ ሲቪ አጻጻፍን በሚያስተምሩ ብዙ ጽሑፎች ላይ የሚደጋገም ነው። የሥራ ታሪኩ ወጥ የሆነ ሰው ከቅርቡ ወደ ሩቁ በጊዜ ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ የተቆራረጠበት ሰው ክህሎቱን ያስቀድም፤ መሀል ላይ ያለ ሁለቱን ያጣምር ይላሉ። ሲያዩት ግልጽ ነው። የሚረሳው ነገር ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነበው ሰው እጅ ላይ እርሳስ መኖሩ ነው።

ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ለአንድ ክፍት ቦታ 80 እና 90 ማመልከቻ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ማስታወቂያው "4 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ" ካለ የመጀመሪያው ሥራችን ማንበብ ሳይሆን መቁጠር ነበር። ሲቪውን ገልጠን የሥራ መደቡን እናያለን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ እናያለን፣ በጠርዙ ላይ "2 ከ9" ወይም "1 ከ11" ብለን ዓመትና ወሩን እንጽፋለን፣ ከዚያ እንደምራለን። ድምሩ 4 ካልሞላ ወረቀቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ከሞላ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይመሳከራል። ክህሎቱን የምናነበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክህሎትን ያስቀደመ ሲቪ ለዚህ ቆጣሪ የሚሰጠው የሚቆጠር ነገር የለም። ክፍተቱን ይደብቃል፤ የተሠራበትንም ጊዜ አብሮ ይደብቃል።

ይህን ለራሴ እምነት ብቻ መተው አልፈለግሁም። አሁንም በአንድ ፋብሪካ ማመልከቻ የሚመርጥ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ሻይ ጋበዝኩትና ስሟን ሸፍኜ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቦታው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፣ የሚጠየቀው በሒሳብ አያያዝ ደረጃ 4 እና 4 ዓመት ልምድ ነው አልኩት። የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ አልፎ ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ "የዕቃ አስተዳደር" ከሚለው ርዕስ አጠገብ "የት? መቼ?" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ቀና ብሎ "ይቺ ሴትዮ ሆቴልና ዱቄት ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ነው እንዴ የሠራችው?" አለኝ።

የሴትየዋ እውነተኛ ችግር የተገለጠልኝ በዚህ ጥያቄ ነው።

ሁለት ዘመን መቁጠሪያ በአንድ ገጽ

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠራኋትና በባዶ ወረቀት ላይ ሕይወቷን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወር በወር እንድትነግረኝ አደረግሁ። "ጋሼ፣ ሁሉንም? ቤት የዋልኩበትንም?" አለችኝ። ሁሉንም አልኳት።

በ2003 ተመርቃ ከጥቅምት 2004 እስከ ሰኔ 2006 አጣዬ በሚገኝ ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበረች። አገባች፣ ወለደች፣ እስከ መስከረም 2008 ቤት ቆየች። ከጥቅምት 2008 እስከ ነሐሴ 2009 ሸዋ ሮቢት በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነች። ቀጥሎ አጣዬ ላይ የራሷን የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በንግድ ፈቃድ ከፈተች፤ ከመስከረም 2010 እስከ መጋቢት 2013። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሱቁም ቤቱም ሄደ፤ ልጇን ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ተፈናቀለች። እስከ ጥር 2014 ሥራ አልነበራትም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2014 በአንድ የእርዳታ ድርጅት የ6 ወር ኮንትራት አግኝታ የእርዳታ ዕቃ እደላ መዘገበች። ከጥቅምት 2015 እስከ ሰኔ 2016 ደብረ ብርሃን በሚገኝ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። ሆቴሉ ባለቤት ሲቀይር ወጣች፤ እኔ ጋ ስትመጣ አምስተኛ ወሯ ነበር።

አሁን ከላይ ያሉትን አራት መስመሮች መለስ ብለው ይዩዋቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ደብዳቤው በአማርኛ ስለተጻፈ። የዱቄት ፋብሪካውና የእርዳታ ድርጅቱ ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ በጎርጎርዮሳዊው ናቸው። የሆቴሉ ደግሞ እንደገና በእኛ ነው። ጸሐፊው ደብዳቤዎቹ ላይ ያየውን ቁጥር እንዳለ ገለበጠ። ውጤቱ አንዲት ሴት በ2006 ሥራ አቁማ ዘጠኝ ዓመት ጠፍታ፣ በ2015 ተነሥታ በሁለት ከተማ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ስትሠራ፣ ከዚያ ወደፊት 2022 ዘልላ ወደ ኋላ 2015 የምትመለስ አስመሰላት። ሱቁ ደግሞ ጭራሽ የለም። "የራስ ሱቅ ሥራ አይባልም" ብሎ አውጥቶታል።

ወሮቹን አንድ ላይ አስቀምጠን ቆጠርን። ከጥቅምት 2004 እስከ ኅዳር 2017 158 ወር ነው። የሠራችበት 126 ወር፣ ያልሠራችበት 32 ወር ነው። ክፍተቶቹ አራት ናቸው፤ 15 ወር፣ 10 ወር፣ 2 ወር እና አሁን ያለችበት 5 ወር። ትልቁ ክፍተት ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ የወሊድ ጊዜ ነው። ከዱቄት ፋብሪካው ወደ ሱቁ ስትሻገር አንድ ወር እንኳ አልባከነም፤ ነሐሴ ለቅቃ መስከረም ከፈተች። ይህች ሴት ራሷ "ሥራዬ የተቆራረጠ ነው" ብላ አምና ነበር የመጣችው። ከአሥር ወር ስምንቱን ያህል ስትሠራ የኖረች ሰው ናት።

ስለዚህ ከአቀራረቡ በፊት የሚመጣ ሥራ አለ፤ ቀኖቹን ወደ አንድ መቁጠሪያ ማምጣት። ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉም በጎርጎርዮሳዊው፣ በአማርኛ ከሆነ ሁሉም በእኛ። ሲቀየር ዝም ብሎ 8 መደመር ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ላለው ጊዜ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። ጥቅምት 2008 ኦክቶበር 2015 ነው፤ የካቲት 2014 ግን ፌብሩዋሪ 2022። በዚህች አንድ ዓመት ስሕተት ምክንያት በሲቪውና በደብዳቤው መካከል ልዩነት ሲገኝ ቆጣሪው "ተምታቶባት ይሆናል" ብሎ አያልፍም፤ አጭበርብራለች ይላል። በሲቪው ግርጌ "ቀኖቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ አንዳንድ ደብዳቤዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል" የሚል አንድ መስመር ጨመርን። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ የሚል ወረቀት ቢመጣልኝ ግማሽ ጭንቀቴ በቀለለ ነበር።

ወሩን መተው ማንን ይጎዳል?

ክፍተት ያለበት ሰው ወር ትቶ ዓመት ብቻ ይጻፍ የሚለውም ምክር በጣም የተለመደ ነው። በዚህች ሴት ላይ ምን እንደሚያደርግ እንቁጠር። ጠንቃቃ ቆጣሪ ወሩን ካላየ የሚወስደው አነስተኛውን ነው፤ የማስታወቂያውን መመዘኛ ሳያሟላ ያሳለፈው ሰው ቢገኝ ተጠያቂው እሱ ነውና። "2004–2006" ማለት ከነሐሴ 2004 እስከ መስከረም 2006 ሊሆን ይችላል፤ ያ 14 ወር ነው። እውነቱ 33 ወር ነበር። "2015–2017" ማለት ከዲሴምበር 2015 እስከ ጃንዋሪ 2017 ሊሆን ይችላል፤ እሱም 14 ወር ነው። እውነቱ 23 ወር። ለዚህ ቦታ የሚጠቅሟት ሁለቱ ሥራዎች በእውነት ሲደመሩ 4 ዓመት ከ8 ወር ናቸው፤ ወር በሌለበት ግን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኑ፤ ልክ ግማሹ። የሆቴሉ 21 ወር ደግሞ ወደ 2 ወር ሊወርድ ይችላል። የ15 ወር ክፍተት ለመሸፈን ብላ የ28 ወር ልምድ ከፈለች ማለት ነው። የሥራ ልምድ በወር በሚቆጠርበት አገር ዓመት ብቻ መጻፍ ጥቅሙ አይታየኝም።

ቀኖቹ ከተስተካከሉ በኋላ መጀመሪያ የሞከርነው ንጹሑን የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ቅርቡን አስቀድመን ሆቴል፣ የእርዳታ ድርጅት፣ ሱቅ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር። ሐቀኛ ነው፤ ለመቁጠርም ይመቻል። ነገር ግን ሌላ ችግር አመጣ። የምታመለክተው ለዕቃ ግምጃ ቤት ሲሆን ከላይ የሚታየው የሆቴል ገንዘብ ተቀባይነት ነው። ለዚህ ቦታ ቀጥተኛ የሆነው የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አራተኛ ተራ ላይ፣ ገጹን ካጋመሱ በኋላ ይገኛል። ባልደረባዬ ይህንንም አይቶት "መቁጠሩን ቆጠርኩ፤ ግን ይቺ የሆቴል ሰው ናት" አለ። ክፍተቶቹን አንድ ጊዜም አላነሣም። በዚህ ተገረምኩ፤ እኛ ስንፈራው የነበረው እሱን ነበር። የጊዜ ቅደም ተከተሉ የጎዳት ክፍተቱን ስላሳየ ሳይሆን የመጨረሻ ሥራዋን ማንነቷ ስላደረገው ነው።

ጥምሩ ሲጻፍ

ጥምር አቀራረብ ሲባል ብዙ ሰው ክህሎት ያስቀደመውን ሙሉ ገጽ ወስዶ በሥሩ ቀን ይጨምርበታል። ያኔ ሲቪው ሦስት ገጽ ይሆንና የሁለቱንም ድካም ይይዛል። እኛ የላይኛውን ክፍል ከአንደኛው ገጽ ሲሶ እንዳያልፍ ወሰንን። በዚህ ሲሶ ውስጥ የሚገባ መስመር ሁሉ ሁለት ነገር እንዲኖረው ተስማማን፦ የተሠራው ሥራና የተሠራበት ቦታ ከነጊዜው። "መግባባት" እና "አመራር" የትም ሊጣበቁ ስላልቻሉ ወጡ። የቀሩት ሦስት ናቸው።

"የዕቃ ገቢና ወጪ ምዝገባ፦ ስንዴ፣ ዱቄትና ጆንያ በገቢና ወጪ ሰነድ መረከብና ማስረከብ፣ ቢን ካርድ በየዕለቱ መያዝ (ዱቄት ፋብሪካ፣ 1 ዓመት ከ11 ወር)"

"ቆጠራና ሚዛን ማስታረቅ፦ በወር መጨረሻ የመደርደሪያ ቆጠራን ከቢን ካርድ ጋር ማመሳከር (ዱቄት ፋብሪካ)፤ የሱቅ ዕቃ ቆጠራና ግዢ (የግል ንግድ፣ 3 ዓመት ከ7 ወር)"

"የጥሬ ገንዘብ ኃላፊነት፦ በደረሰኝ መሰብሰብ፣ በዕለቱ ማስታረቅና ባንክ ማስገባት (ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ 2 ዓመት ከ9 ወር፤ ሆቴል፣ 1 ዓመት ከ9 ወር)"

እነዚህን ሦስት መስመሮች ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሥራዋን ስጠይቃት መጀመሪያ የምትመልስልኝ "ዕቃ እጠብቅ ነበር" ነው። "ጆንያ ጎድሎ ሲገኝ ምን ታደርጊ ነበር?" ስላት ነው ቢን ካርዱን፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ እንደምታመሳክርና አንድ ጊዜም ስሕተቱን ከሚዛኑ ላይ እንዳገኘችው የነገረችኝ። ሰው የዕለት ሥራውን እንደ ችሎታ አይቆጥረውም፤ የተሳሳተበትንና ያስተካከለበትን ቀን መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ በታች የሥራ ልምዱ ሙሉ በሙሉ በጊዜ ቅደም ተከተል፣ ከነወሩ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች አከራከሩን።

አንደኛው ሱቁ ነው። እሷ ልትተወው ፈለገች፤ የሚያሳፍራት ሆኖ ሳይሆን የሚያስለቅሳት ስለሆነ። እኔ ግን 43 ወር ባዶ ሆኖ እንዲታይ አልፈቅድም አልኩ። የጻፍነው "የራስ ንግድ ሥራ አስኪያጅ" ብለን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ የአንድ ሰው ሱቅ ላይ ሲለጠፍ አንባቢ ፈገግ ይላል። "የሸቀጣ ሸቀጥ ችርቻሮ ባለቤት፣ በንግድ ፈቃድ" ብለን ጻፍን፤ ግዢ፣ ክምችትና የሒሳብ መዝገብ የሚል አንድ መስመር ከሥሩ አኖርን። ለማስረጃነት የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዛለች። ፈቃዱ ራሱ ተቃጥሎ ስልኳ ውስጥ ፎቶው ቀርቶ ነበር። ይህ ጊዜ በ4 ዓመቱ ቆጠራ ውስጥ ይግባ አይግባ ቀጣሪው ይወስናል፤ ክፍተት አለመሆኑ ግን አያከራክርም።

ሁለተኛው ክፍተቶቹን ምን እናድርጋቸው የሚለው ነው። 2 ወሩን ዝም አልነው፤ በሁለት ሥራ መካከል 2 ወር ማንም አይጠይቅም። የአሁኑ 5 ወርም ቀኑ ራሱ የሚናገረው ስለሆነ ተውነው። የ15 ወሩ ከአሥር ዓመት በፊት ያለፈ ነው፤ እሱንም አልጻፍነውም፤ ከተጠየቀች "ወልጄ ነበር" ማለት ይበቃል። የ10 ወሩን ግን ጻፍነው። ምክንያቱም ከሱ በፊት ያለው የራሷ ሱቅ ስለሆነ አንባቢው "ሱቁ ከስሮባት ይሆን?" ብሎ ይገምታል፤ እውነቱ ከግምቱ የተሻለ ሲሆን መጻፍ ይሻላል። በጊዜ ቅደም ተከተሉ ውስጥ ቦታውን ጠብቆ አንዲት አጭር መስመር ገባች፦ "ከኤፕሪል 2021 እስከ ጃንዋሪ 2022፦ ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን በመፈናቀል ምክንያት ሥራ ላይ ያልነበርኩበት ጊዜ"። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጨመርንም። ሲቪ የሐዘን ደብዳቤ አይደለም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያ መስመር ለማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የሆቴሉ ደብዳቤ ነው። ቀኑን "ከ2015 እስከ 2016" ብሎ ይናገራል፤ ወርም ደመወዝም የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው ሠራተኛው ሲሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ይዛ ሄዳ አዲሱን አስተዳደር ጠየቀች። የቀድሞ የደመወዝ ሰነዱ ስለነበር ወሩንና ደመወዙን ጨምረው ሌላ ጻፉላት። የዱቄት ፋብሪካውም ዋናው ደብዳቤ ተቃጥሎ ስለነበር እንደገና ጽፎ ማኅተም አደረገላት። ብዙ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ስለሚጠይቁ፣ በሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ አስቀድማ ጠየቀች። ሲቪው ላይ የሚጻፈው ወርና ደብዳቤው ላይ ያለው ወር አንድ ካልሆነ የትኛውም አቀራረብ አያድንም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ሲቪ የጻፍነው ደብዳቤዎቹ ከመጡ በኋላ ነው።

ባልደረባዬ ሦስተኛውን ወረቀት ሲያይ ከላይኛው ሲሶ ጀመረ። ቅንፎቹ ውስጥ ያሉትን ጊዜዎች ካየ በኋላ ወደ ታች ወርዶ አመሳከራቸው፤ በጠርዙ "1 ከ11፣ 2 ከ9፣ ጠቅላላ 4 ከ8" ብሎ ጻፈ። የመፈናቀሉ መስመር ላይ እርሳሱን አቆመና ምንም ሳይጽፍ አለፈ።

ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት መልስ

በታኅሣሥ ሁለት ቦታ አመለከተች፤ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ደብረ ብርሃን የሚገኝ ፋብሪካ። ሁለቱም የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ናቸው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሲቪውን ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቅጽ ሞላች፣ ዋና ማስረጃዎቿ ከኮፒው ጋር ተመሳከሩ፣ ቆጠራው ከደብዳቤዎቹ ተደረገ። ማስታወቂያው "በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ቀጥተኛ ልምድ" የሚል ስለነበር የተቆጠረላት የዱቄት ፋብሪካው 1 ዓመት ከ11 ወር ብቻ ሆነ፤ የገንዘብ ያዥነቱም የሱቁም አልገቡም። መመዘኛውን ስላላሟላች ስሟ አልተለጠፈም። የሦስቱን አቀራረቦች ልዩነት ለማውራት ይህ ቦታው አይደለም። ልምድ ከማስረጃ ላይ በሚቆጠርበት ቦታ ሲቪን ማሳመር ማስታወቂያውን ቀድሞ አንብቦ "ቀጥተኛ" እና "አግባብ ያለው" የሚሉትን ቃላት ከመለየት አይበልጥም። ይህን አስቀድሜ ልነግራት ሲገባ አልነገርኳትም፤ አንድ የመጓጓዣ ወጪና አንድ ቀን አስወጣኋት።

የፋብሪካው ማስታወቂያ "አግባብ ያለው" ይል ነበር፤ እዚያ ተጠራች። ከጠሩት ስድስት ሰው ጋር የጽሑፍ ፈተና ተቀመጠች፤ ጥያቄው ገቢና ወጪ ሰጥቶ ቢን ካርድ ማስሞላትና ቀድሞ የገባ ቀድሞ የሚወጣበትን ሥርዓት ማሠራት ነበር። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ 10 ወሩ ማንም አልጠየቃትም። የጠየቋት ስለ ሱቁ ነው። "ዕቃ ሲበላሽብሽ እንዴት ትመዘግቢ ነበር?" አሏት፤ እንደምትመዘግብና መጀመሪያ ላይ ግን ሳትመዘግብ ትጥለው እንደነበር፣ በዚያም ምክንያት በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቧ አልገጥም ብሎ እንደተማረች ነገረቻቸው።

ያመለከተችበትን ቦታ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ወሰደው። ለእሷ በዚያው ክፍል የረዳትነት ቦታ ሰጧት፤ ደመወዙ ካመለከተችበት ያነሰ ነው፣ ሕጉ በሚፈቅደው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ተቀጠረች። ሙከራውን ከጨረሰች በኋላ በእትዬ በኩል አንድ ቀን ደውላ "ጋሼ፣ አሁን ሲቪው ላይ ስድስተኛ ሥራ ይጨመር?" አለችኝ። ይጨመር፤ ግን ከላይ ያለውም ሲሶ ይቀየር አልኳት። ገንዘቡን የሚመለከተው መስመር ካሁን በኋላ እንዳለ መቅረት የለበትም፤ ከዓመት በኋላ ሊወጣም ይችላል።